ማኮሊ ዱሬሽን ወይስ ሞዲፋይድ ዱሬሽን? የቦንድ ዋጋ በስንት በመቶ እንደሚለወጥ የሚነግረን የቱ ነው

መልሱን አስቀድሜ ልናገር። የገበያ ወለድ ሲለወጥ የቦንድ ዋጋ በስንት በመቶ እንደሚወርድ ወይም እንደሚወጣ ማወቅ ከፈለጋችሁ፣ የሚያስፈልጋችሁ ሞዲፋይድ ዱሬሽን ነው። ማኮሊ ዱሬሽን ግን ጊዜ ነው። በቦንዱ ላይ ያዋላችሁት ገንዘብ በአማካይ ከስንት ዓመት በኋላ ተመልሶ እጃችሁ እንደሚገባ ይነግራችኋል። አንዱን ከሌላው ለማግኘት አንድ ጊዜ ማካፈል ይበቃል፦

```
ModD = MacD / (1 + y/k)
ΔP/P ≈ -ModD × Δy
```

እዚህ ላይ y ይልዱ ነው። ይልድ ማለት ቦንዱን ዛሬ በገበያ ዋጋ የገዛ ሰው እስከ መጨረሻው ቢይዘው በዓመት የሚያገኘው ወለድ ነው። k ደግሞ ወለዱ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚታሰብ ያሳያል። በዓመት አንዴ ከሆነ 1፣ በየስድስት ወሩ ከሆነ 2። P የቦንዱ ዋጋ ነው፤ Δ ደግሞ ለውጥ ማለት ነው። ሁለተኛው መስመር የዋጋውን የመቶኛ ለውጥ ይሰጣል። የመቀነስ ምልክቱ የገባው ይልድ ሲወጣ ዋጋ ስለሚወርድ ነው።

የሚያደናግረው ሁለቱም "ዱሬሽን" መባላቸው ነው። ብዙ ሰነድ ላይ "ዱሬሽን 7.4" ተብሎ ይጻፍና የቱ እንደሆነ ሳይነገር ይታለፋል። ወለድ 1 ወይም 2 በመቶ በሆነበት ገበያ ይህ ብዙም ጉዳት የለውም፤ ሁለቱ ቁጥሮች በጣም ይቀራረባሉ። ወለድ ሁለት አሃዝ በሆነበት ገበያ ግን ልዩነቱ ፈጦ ይወጣል።

## ማኮሊ የጠየቀው ስለ ጊዜ ነበር

ፍሬድሪክ ማኮሊ በአሜሪካ ይሠራ የነበረ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ ነው። በ1938 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የባቡር ኩባንያዎችን ቦንዶች ሲመረምር አንድ ጥያቄ ገጠመው። የአንድ ቦንድ ርዝመት በምን ይለካል? የማብቂያውን ቀን መናገር ብቻውን አያጠግብም። ሁለት ቦንዶች እኩል በ20 ዓመት ቢያበቁም፣ አንደኛው በየዓመቱ ጠቀም ያለ ኩፖን፣ ማለትም ቦንዱ ላይ የተወሰነውን ወለድ፣ ከከፈለ ገንዘቡ ቀደም ቀደም እያለ ይመለሳል። ኩፖን የማይከፍለው ግን ሁሉንም ለመጨረሻው ቀን ያቆያል።

ስለዚህ ማኮሊ አማካይ ወሰደ። እያንዳንዱ ክፍያ የሚመጣበትን ጊዜ በክፍያው የዛሬ ዋጋ መዘነው። ክፍያዎቹን በጊዜ መስመር ላይ እንደ ክብደት ብትደረድሯቸው፣ መስመሩ ወደ የትኛውም ጎን ሳያዘነብል ሚዛኑን የሚጠብቅበት ነጥብ ማኮሊ ዱሬሽን ነው። መለኪያው ዓመት የሆነው ለዚህ ነው።

በቀጣዩ ዓመት እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ ጆን ሂክስ ከሌላ በር ገብቶ እዚያው ደረሰ። የእሱ ጥያቄ ስለ ዋጋ ነበር። ወደፊት የሚመጣ ገንዘብ ወደ ዛሬ ዋጋ የሚመለስበት መጠን ሲለወጥ ዋጋው ምን ያህል ይነቃነቃል? ሂሳቡን ሲጨርስ ያገኘው ያንኑ በጊዜ የተመዘነ አማካይ ነው። የጊዜ አማካዩና የዋጋ ለውጡ ዘመድ ናቸው የምንለው ከዚህ የተነሳ ነው። ዘመድ ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም፤ በመካከላቸው ያቺ ማካፈል አለች።

## በእጅ እንሥራው

ዋናው 100,000 ብር የሆነ፣ በዓመት 10 በመቶ ኩፖን የሚከፍል፣ በ3 ዓመት የሚያበቃ ቦንድ እንውሰድ። ይልዱም 10 በመቶ ነው እንበል። ኩፖንና ይልድ እኩል ስለሆኑ ዋጋው ልክ 100,000 ብር ይሆናል።

| ዓመት | ክፍያ | የዛሬ ዋጋ | ዓመት × የዛሬ ዋጋ |
|---|---|---|---|
| 1 | 10,000 | 9,090.91 | 9,090.91 |
| 2 | 10,000 | 8,264.46 | 16,528.93 |
| 3 | 110,000 | 82,644.63 | 247,933.88 |
| ድምር | | 100,000.00 | 273,553.72 |

የመጨረሻውን አምድ ድምር ለዋጋው ስናካፍል 2.7355 ዓመት እናገኛለን። ይህ ማኮሊ ዱሬሽን ነው። ቦንዱ በ3 ዓመት ያበቃል፤ ሁለቱ ኩፖኖች ቀደም ብለው ስለሚመጡ ግን አማካዩ ወደ 2 ዓመት ከ9 ወር ይወርዳል። አሁን ለ1.10 እናካፍለው። 2.4869 ይወጣል። ይህ ሞዲፋይድ ዱሬሽን ነው።

የቱ እውነቱን እንደሚናገር ለማየት ይልዱን ከ10 ወደ 11 በመቶ እናንሳና ዋጋውን እንደገና እናስላ። ሦስቱን ክፍያዎች በ11 በመቶ ወደ ዛሬ ስንመልስ ድምሩ 97,556.29 ብር ይሆናል። ቦንዱ 2,443.71 ብር አጥቷል ማለት ነው። ሞዲፋይድ ዱሬሽን 2,487 ብር ታጣላችሁ ብሎ ነበር። ማኮሊን እንደ ዋጋ መለኪያ የወሰደ ሰው ደግሞ 2,736 ብር ይጠብቃል። የመጀመሪያው በ43 ብር ስቷል፤ ሁለተኛው በ292 ብር።

## ያቺ ማካፈል ከየት መጣች?

ቀመሩን በቃላቸው የያዙ ብዙ ሰዎች 1 + y ላይ የሚካፈልበትን ምክንያት አይነግሯችሁም። ነገሩ ግን ቀላል ነው። የመጨረሻውን ክፍያ ብቻ እንመልከት። 110,000 ብርን ከ3 ዓመት ወደ ዛሬ የምንመልሰው ሦስት ጊዜ ለ1.10 በማካፈል ነው። ይልዱ 11 በመቶ ሲሆን ሦስት ጊዜ ለ1.11 እናካፍላለን።

ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። አካፋዩ ከ1.10 ወደ 1.11 ሲሄድ በስንት በመቶ አደገ? በ1 በመቶ የሚመስለው ብዙ ነው። 1.11 ለ1.10 ሲካፈል ግን 1.00909 ነው። አካፋዩ ያደገው በ0.909 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ ክፍያው በያንዳንዱ ዓመት የሚጎዳው በ1 በመቶ ሳይሆን በ0.909 በመቶ ነው። ሦስት ዓመት ሲባዛ በ0.909 ወደ 2.73 በመቶ ይሆናል እንጂ 3 በመቶ አይሆንም። በእርግጥም ያ ክፍያ ከ82,644.63 ወደ 80,431.05 ብር ወርዷል፤ 2.68 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው።

ይህ በሁሉም ክፍያዎች ላይ በአንድነት ስለሚሠራ፣ ለእያንዳንዱ ከመካፈል አማካዩን አንድ ጊዜ ለ1.10 ማካፈል ይበቃል። ሞዲፋይድ ዱሬሽን የተባለው ነገር በሙሉ ይኸው ነው።

ማኮሊ ዱሬሽን ስለ ዋጋ ምንም አይናገርም ማለት ግን አይደለም። ይናገራል፤ የሚናገረው ስለ ሌላ ለውጥ ነው። 1 + y በ1 በመቶ ካደገ ዋጋው በ2.7355 በመቶ ገደማ ይወርዳል ይላል። 1.10 በ1 በመቶ ሲያድግ 1.111 ይሆናል፤ ይልዱ ከ10 ወደ 11.1 በመቶ ሄደ ማለት ነው። እንዲህ ብሎ የሚያወራ የቦንድ ነጋዴ የለም። ገበያው "ይልድ በግማሽ ነጥብ ወጣ" ነው የሚለው። ሞዲፋይድ ማኮሊን ወደ ገበያው ንግግር የሚመልሰው ነው።

ልዩነታቸው መቼ እንደሚሰፋም ከዚሁ ይታያል። ማኮሊ ከሞዲፋይድ የሚበልጠው ልክ በ y/k ነው። ይልዱ 2 በመቶ ሆኖ በየስድስት ወሩ ቢታሰብ ብልጫው 1 በመቶ ነው፤ ማንም አያስተውለውም። ይልዱ 16 በመቶ ሆኖ በዓመት አንዴ ቢታሰብ ብልጫው 16 በመቶ ይደርሳል። ወለዱ በየቅጽበቱ ያለማቋረጥ የሚታሰብ ከሆነ ደግሞ ሁለቱ ፍጹም እኩል ይሆናሉ። አንዳንድ የሂሳብ መጻሕፍት በሁለቱ መካከል ልዩነት የሌለ አስመስለው የሚጽፉት በዚያ መንገድ ስለሚያስቡ ነው።

## አንድ የምናውቀው ቦንድ

አሁን ወደ እውነተኛ ቦንድ እንሂድ። ኢትዮጵያ በታህሳስ 2007 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ዓለም አቀፍ ገበያ ወጥታ ዩሮቦንድ ሸጠች። መጠኑ 1 ቢሊዮን ዶላር፣ ዘመኑ 10 ዓመት፣ ኩፖኑ 6.625 በመቶ ነበር። የሚከፈለው በየስድስት ወሩ ነው። የማብቂያው ቀን ዲሴምበር 11፣ 2024 እ.ኤ.አ. ነበር። በተሸጠበት ቀን ይልዱም 6.625 በመቶ ስለነበር ዋጋው ከ100 ነው የጀመረው።

20 ክፍያዎችን በእጅ መደርደር ያደክማል። ኤክሴል ግን ለሁለቱም የተለያየ ትእዛዝ አለው፦

```
=DURATION(DATE(2014,12,11),DATE(2024,12,11),0.06625,0.06625,2,0)
=MDURATION(DATE(2014,12,11),DATE(2024,12,11),0.06625,0.06625,2,0)
```

የመጀመሪያው ማኮሊን ይሰጣል፤ 7.468። ሁለተኛው ሞዲፋይድን፤ 7.228። ልብ በሉ፣ ኤክሴል ላይ DURATION ብቻ የሚለው ማኮሊ ነው። "ዱሬሽን" የሚለውን አይቶ በመጀመሪያው ዋጋ የሚተነብይ ሰው ሳያውቀው የተሳሳተውን ቁጥር ይዟል።

አሁን ይልዱን ወደ ላይም ወደ ታችም እያንቀሳቀስን ዋጋውን ከባዶ እናስላና ሁለቱ ከተነበዩት ጋር እናስተያየው። ሁሉም በመቶኛ ነው።

| የይልድ ለውጥ (በመቶኛ ነጥብ) | እውነተኛው የዋጋ ለውጥ | በሞዲፋይድ | በማኮሊ |
|---|---|---|---|
| +0.10 | −0.720 | −0.723 | −0.747 |
| −0.10 | +0.726 | +0.723 | +0.747 |
| +1.00 | −6.91 | −7.23 | −7.47 |
| −1.00 | +7.57 | +7.23 | +7.47 |

የላይኞቹን ሁለት መስመሮች ተመልከቱ። ለውጡ ትንሽ ሲሆን ሞዲፋይድ እውነተኛውን ሊነካው ምንም አልቀረውም። ማኮሊ በሁለቱም በኩል ያጋንናል።

አሁን የመጨረሻውን መስመር እዩ። ይልዱ በአንድ ሙሉ ነጥብ ሲወርድ ዋጋው በ7.57 በመቶ ወጣ። ማኮሊ 7.47 ብሎ ነበር፤ ሞዲፋይድ 7.23። ማኮሊ ነው የቀረበው! ይህን አንድ ሙከራ ብቻ የሠራ ሰው "ትክክለኛው ማኮሊ ነው" ብሎ ሊደመድም ይችላል። ይህ ወጥመድ ነው። ሳያውቁት የሚገቡበት ሰዎችም ጥቂት አይደሉም።

የሆነው ይህ ነው። የዋጋና የይልድ ግንኙነት ቀጥ ያለ መስመር አይደለም፤ ጎበጥ ያለ ነው። ጉብጠቱ ኮንቬክሲቲ ይባላል። በጉብጠቱ ምክንያት ይልድ ሲወርድ ዋጋ ከቀጥታው መስመር ትንሽ ከፍ ብሎ ይወጣል፤ ይልድ ሲወጣ ደግሞ ከተባለው ትንሽ አነስ አድርጎ ይወርዳል። የማኮሊ ቁጥር ከመጀመሪያውም የተጋነነ ስለሆነ፣ ወደ ታች በሚደረግ ትልቅ ለውጥ ላይ ማጋነኑና የጉብጠቱ ጭማሪ በአጋጣሚ ይገጣጠማሉ። ወደ ላይ በሚደረግ ለውጥ ላይ ያው ማጋነን እጥፍ ስህተት ይሆናል፤ ሦስተኛው መስመር ይህንን ያሳያል። 6.91 በመቶ ለወረደ ዋጋ ማኮሊ 7.47 ብሏል።

ስለዚህ የተሰጣችሁ ዱሬሽን የትኛው እንደሆነ ለመፈተን ስትፈልጉ በትንሽ ለውጥና በሁለቱም አቅጣጫ ፈትኑ። ይልዱ በ0.10 ሲወርድ የዚህ ቦንድ ዋጋ 100.7261 ነው። በ0.10 ሲወጣ 99.2805። ልዩነታቸው 1.4456 ነው። ይህንን በሁለት እጥፍ የለውጡ መጠንና በመነሻው ዋጋ ስናካፍል፣ ማለትም ለ2 × 0.001 × 100 ወይም ለ0.2፣ 7.228 እናገኛለን። የጉብጠቱ ውጤት በሁለቱ አቅጣጫ ተጣፍቶ ሞዲፋይድ ዱሬሽን ብቻውን ይቀራል። ሰነዱ ላይ 7.47 ተጽፎ እናንተ በዚህ መንገድ 7.23 ካገኛችሁ፣ የተሰጣችሁ ማኮሊ ነው።

በገንዘብ ሲታይ ምን ያህል ነው? ከዚህ ቦንድ 1 ሚሊዮን ዶላር የያዘ ሰው ይልዱ በ0.01 ነጥብ ሲወጣ ወደ 723 ዶላር ያጣል። ነጋዴዎች DV01 የሚሉት ይህንን ነው። በማኮሊ ያሰበው 747 ይላል። 24 ዶላር ትንሽ ይመስላል። ኪሳራውን በሌላ ቦንድ ሊያካክስ የሚፈልግ ሰው ግን ከሚያስፈልገው በ3.3 በመቶ የበዛ ሽያጭ ይፈጽማል፤ ትርፍ የሸጠው ደግሞ ራሱን የቻለ አዲስ አደጋ ነው።

## ታዲያ ማኮሊን መቼ ልምረጥ?

እስካሁን ማኮሊን ያጣጣልኩት ከመሰለ ልክ አይደለም። እሱ ብቻ የሚሠራው ሥራ አለ። በተወሰነ ቀን የተወሰነ ገንዘብ የሚያስፈልገው ሰው፣ ወይም ጡረታ የሚከፍል ተቋም፣ መያዝ ያለበት ማኮሊን ነው።

ወደ 3 ዓመቱ ቦንድ እንመለስ። ዛሬ 100,000 ብር አውጥታችሁ ገዛችሁት። ገንዘቡ የሚያስፈልጋችሁ ልክ ከ2.7355 ዓመት በኋላ ነው፤ ማኮሊ ዱሬሽኑን የሚያህል ጊዜ መሆኑ ነው። ወለዱ 10 በመቶ ሆኖ ከቀጠለ በዚያ ቀን እጃችሁ ላይ 129,787 ብር ይኖራል። በገዛችሁ ማግስት ወለዱ ወደ 11 በመቶ ቢወጣስ? የቦንዱ ዋጋ ወዲያው ወደ 97,556 ብር ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ግን በመሃል የሚመጡትን ኩፖኖች በ11 በመቶ እያስቀመጣችሁ ትሄዳላችሁ። በቀኑ የሚኖራችሁ 129,789 ብር ነው። ወለዱ ወደ 9 በመቶ ቢወርድስ? ዋጋው ወደ 102,531 ይወጣል፤ ኩፖኖቹ ግን በአነስተኛ ወለድ ይቀመጣሉ። መጨረሻው እንደገና 129,789 ብር ነው።

በሁለቱም አቅጣጫ ያሰባችሁት ገንዘብ አልጎደለም። የዋጋው ጉዳትና የኩፖኖቹ ጥቅም ልክ በማኮሊው ቀን ይጣጣማሉ። የኢንሹራንስ ስጋትን በሂሳብ የሚያሰላ ባለሙያ ወይም አክቹዋሪ የነበረው እንግሊዛዊው ፍራንክ ሬዲንግተን በ1952 እ.ኤ.አ. የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ዕዳቸውንና ንብረታቸውን በዚህ መንገድ እንዲያዛምዱ አሳየ። እዚህ ላይ ሞዲፋይድን ብትጠቀሙ ዕቅዱ ይበላሻል። 2.4869 የሚለው ቁጥር በቀን መቁጠሪያ ላይ የሚያመለክተው ቀን የለም።

አንድ ነገር ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ይህ ጥበቃ አንዴ ተደርጎ የሚረሳ አይደለም። አንድ ዓመት አልፎ የመጀመሪያውን ኩፖን ስትቀበሉ፣ ወደ ቀጠሯችሁ የቀረው 1.7355 ዓመት ነው። የቀረው ቦንድ ማኮሊ ዱሬሽን ግን 1.9091 ሆኗል። ዱሬሽኑ ከቀን መቁጠሪያው ቀስ ብሎ ነው የሚያጥረው። ክፍተቱን ለመዝጋት የተወሰነውን ሸጣችሁ ወይም ኩፖኑን አጠር ባለ ሰነድ ላይ አውላችሁ ማስተካከል አለባችሁ።

ኩፖን የማይከፍል ቦንድ ላይ ደግሞ ነገሩ ይቀላል። አንድ ክፍያ ብቻ ስላለ ማኮሊ ዱሬሽኑ ከማብቂያው ጊዜ ጋር እኩል ነው። የ10 ዓመት ከሆነ 10። ግን "10 ስለሆነ ወለድ በአንድ ነጥብ ሲወጣ 10 በመቶ አጣለሁ" አትበሉ። ይልዱ 10 በመቶ ሆኖ በዓመት አንዴ ከታሰበ ሞዲፋይዱ 9.09 ነው።

## ሂሳቡ የሚሳሳትባቸው ቦታዎች

ከሁሉ የሚበዛው ስህተት የስድስት ወር ክፍያን መርሳት ነው። ዩሮቦንዱን ስናሰላ የምናካፍለው ለ1.033125 ነው፤ ለ1.06625 አይደለም። ለሙሉው ይልድ ያካፈለ ሰው 7.004 ያገኛል። ትክክለኛው 7.228 መሆኑን አይተናል። ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላም አለ። ክፍያዎቹን 1፣ 2፣ 3 እያላችሁ እስከ 20 ከቆጠራችሁ የምታገኙት ዱሬሽን በግማሽ ዓመት የተቆጠረ ነው፤ 14.94 ይላችኋል። የ10 ዓመት ቦንድ 14.94 ዓመት ዱሬሽን ሊኖረው አይችልም። ለ2 አካፍሉና ወደ 7.47 ተመለሱ። ውጤታችሁ ከማብቂያው ጊዜ ከበለጠ እዚህ ቦታ ላይ ፈልጉት።

ሁለተኛው "በመቶ" የሚለው ነው። ወለድ ከ10 ወደ 11 ሲሄድ በዜና "በአንድ በመቶ ጨመረ" ይባላል። ቀመሩ የሚፈልገው የነጥቡን ልዩነት ነው፤ Δy = 0.01። "ከ10 ላይ 10 በመቶ አደገ" ብሎ 0.10 ያስገባ ሰው ቦንዱ ሩብ ዋጋውን የሚያጣ ይመስለዋል።

ሌላው የትኛው ዋጋ ላይ እንደሚባዛ ነው። ሞዲፋይድ ዱሬሽን የሚሠራው ገዢው በሚከፍለው ሙሉ ዋጋ ላይ ነው፤ ከመጨረሻው ኩፖን ወዲህ የተጠራቀመው ወለድ የተጨመረበት ማለት ነው። ስክሪን ላይ የሚታየው ዋጋ ብዙ ጊዜ ያንን አያካትትም። ኩፖን ሊከፈል ጥቂት ቀን ሲቀረው ልዩነቱ ይጎላል።

## የሁለቱም ድንበር

ለውጡ ትልቅ ሲሆን ሞዲፋይድም ብቻውን አይበቃም። ለዩሮቦንዱ ኮንቬክሲቲው 66 ገደማ ነው። ግማሹን በለውጡ ካሬ ስናባዛ፣ 0.5 × 66 × 0.01²፣ 0.33 በመቶ ይሆናል። ይህንን በ−7.23 ላይ ስንጨምር −6.90 እናገኛለን፤ እውነተኛው −6.91 ነበር። መነሻው ሞዲፋይድ ካልሆነ ይህ ማስተካከያ አይሠራም። በማኮሊ ላይ ብትጨምሩት −7.14 ላይ ትቀራላችሁ።

ባለዕዳው ቀድሞ የመክፈል መብት ያለው ቦንድ ከሆነ ሁለቱንም ተዋቸው። ወለድ ሲወርድ ባለዕዳው ቦንዱን ከፍሎ ሊዘጋው ስለሚችል ክፍያዎቹ ራሳቸው ይለወጣሉ። እንዲህ ላለው ይልዱን ወደ ላይና ወደ ታች እያንቀሳቀሱ ዋጋውን በሞዴል እንደገና ማስላት ያስፈልጋል። ውጤቱ ኢፌክቲቭ ዱሬሽን ይባላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ሁለቱም ዱሬሽኖች ክፍያዎቹ በቀናቸው ይመጣሉ ብለው ነው የሚነሱት። ያው የኢትዮጵያ ዩሮቦንድ በዲሴምበር 2023 እ.ኤ.አ. 33 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ኩፖን ይጠበቅበት ነበር፤ የ6.625 በመቶው ግማሽ ነው። አልተከፈለም። በዚያን ጊዜ ቦንዱ ሊያበቃ የቀረው አንድ ዓመት ብቻ ስለነበር በወረቀት ላይ ዱሬሽኑ ከ1 ያነሰ ነበር። በዚያ ቁጥር የሄደ ሰው ቦንዱ ከሞላ ጎደል አይነቃነቅም ሊል ነው። ዋጋውን ያንቀሳቅስ የነበረው ግን የዕዳ ሽግሽጉ ድርድርና ባለቦንዶቹ በመጨረሻ ከዶላሩ ስንት ሳንቲም ያገኛሉ የሚለው ግምት ነበር። እንዲህ ባለ ቦንድ ላይ የሚሰላው የሚመለሰው ገንዘብ መጠን እና የሚመለስበት ቀን ነው።